«ያመጡን» እና «የተከልነው»፦ የአክስቴን የአቦቦ ትዝታ ስለ ማሳጠር



ዛሬ የማቀርብላችሁ ነገር የተነሣው ከራሴ ስሕተት ነው። አክስቴ የወሎ ሰው ናቸው። በ1977 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት በሠፈራ ወደ ጋምቤላ ተወስደው አቦቦ ከሰፈሩ በኋላ እስከ ዛሬ እዚያው ይኖራሉ። በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ሰዓት ያህል ድምፃቸውን ቀዳሁ፤ ቃል በቃል ሲገለበጥ ሃምሳ ገጽ ሞላ። ይህን ወደ ሦስት ገጽ አሳጥሬ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ጸጥ ብለው አዳመጡና «ጥሩ ነው ልጄ፤ የማን ታሪክ ነው?» አሉኝ።

የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገሬ «ተራኪዋ በ1977 ዓ.ም. ወደ አቦቦ መጥተው ሰፈሩ» ይላል። ከዘመን አንጻር ነቀፋ የለበትም። ነገር ግን ወደ ግልባጩ ተመልሼ «መጣን» የሚለውን ቃል ብፈልግ አንድም ቦታ አጣሁት። እርሳቸው የሚሉት «ያመጡን ጊዜ»፣ «ያወረዱን ቀን»፣ «የሰጡን ጎጆ» ነው። የድርጊቱ ባለቤት ሁልጊዜ ስሙ ያልተጠራ ሌላ ወገን ነው። ከግልባጩ እኩሌታ በኋላ ግን ግሡ ይለወጣል፦ «ቀለስን»፣ «ማንጎ ተከልን»፣ «ወለድን»። የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጌ አገኘሁት። በወባ የሞተ ሕፃናቸውን የቀበሩበትን ቀን ከተናገሩ በኋላ ነው፤ «እርሱን ከቀበርኩ ወዲህ አገሬ ሆነ» ይላሉ። እኔ «መጥተው ሰፈሩ» ስል ይህንን መሻገሪያ ሙሉ በሙሉ ደምስሼዋለሁ። ጎጆውንም «ጊዜያዊ መጠለያ» ብዬው ነበር። እርሳቸው የሚሉት «የተማሪ ጎጆ» ነው፤ የሠሩት በዘመቻ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸውና። «ልጆቹ ደግ ነበሩ፤ ጣራው ግን ያፈስሳል» የምትለዋ ቃላቸው ከእኔ ሙሉ አንቀጽ ትበልጣለች።

ሁለተኛው ስሕተቴ የከፋ ነው። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን «ጫካ ነበር፤ ሰው የሚባል አልነበረበትም» ብለዋል። ይህችን ቃል የመንደሩ መነሻ አድርጌ በማጠቃለያው አናት ላይ አኖርኋት። በሁለተኛው ቀን ግን ስለ በሬ ስጠይቃቸው (በሬ በገንዲ ስለሚያልቅ ወሎ የለመዱት እርሻ እዚያ አልተቻለም) እንዲህ አሉ፦ «አንዲት የአኙዋ ሴት ነበረች፤ በወንዙ ዳር በቆሎ በዱላ ጫፍ እየወጋች ስትዘራ አየኋት። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ። እጄን ይዛ አሳየችኝ። ዓሣም አመጣችልን።»

እንግዲህ ሰው አልነበረበትም ወይስ ነበረበት? ፊተኛውን ቃል ብቻ ይዤ ብቀር ኖሮ፣ በአልዌሮ ወንዝ ዳር ከሠፈራው በፊት ሲያርሱና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩትን አኙዋዎች በአንዲት አሮጊት አንደበት ከምድራቸው ባስወጣኋቸው ነበር። በጋምቤላ የመሬት ጥያቄ የዕለት ጉዳይ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለ ዐረፍተ ነገር ከወረቀት ወጥቶ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። የኋለኛውን ብቻ ብይዝ ደግሞ ከመኪና በወረዱ ቀን የተሰማቸውን ባዶነት እሰርቃቸዋለሁ። ስለዚህ ሁለቱንም አኖርኋቸው፤ በመካከላቸው «በማግሥቱ ስለ እርሻ ስጠይቃቸው» የሚል የእኔን ሐረግ ጨመርሁ። አንባቢ የትኛው ቃል በየትኛው ጥያቄ እንደመጣ ማየት አለበት። ጠያቂው ራሱን ከማጠቃለያው ሲያጠፋ መልሱ ከሰማይ የወረደ ይመስላልና።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። አክስቴ ባወረዷቸው ቀን የግድቡን ውኃ እንዳዩ ይናገራሉ። በሶቪዬት ባለሙያዎች እገዛ የተሠራው የአልዌሮ ግድብ የተጠናቀቀው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ፖርቴሊ በቴርኒ ከተማ ተመሳሳይ ነገር ገጥሞታል፤ ሉዊጂ ትራስቱሊ የተባለው ሠራተኛ የተገደለው እ.ኤ.አ. በ1949 ኔቶን በመቃወም በተደረገ ሰልፍ ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ሞቱን ከ1953ቱ የሠራተኞች ቅነሳ ጋር አያይዘው ይተርኩ ነበር። ፖርቴሊ ስሕተቱን አላረመም፤ ለምን እንደተሳሳቱ ጠየቀ። ምንጩ ከደረቀበት አገር የመጣች ሴት ውኃን ከመጀመሪያው ቀን ጋር ብታስር አያስደንቀኝም። ቃላቸውን እንዳለ ትቼ የግድቡን ጉዳይ ከሥር በራሴ ድምፅ አስፍሬያለሁ።

አዲሱ ማጠቃለያ አምስት ገጽ ሆነ። ወደ አቦቦ ተመልሼ፣ ራሳቸው በተከሉት ማንጎ ሥር አነበብሁላቸው። አንድ ቦታ ብቻ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ። «ዓሣ ብቻ አትበል። የደረቀ ዓሣ ነው። ትኩሱን ያኔ እንጠየፍ ነበር፤ እርሷም አውቃለች።»