የቤይስ ቲዎረም

የቤይስ ቲዎረም አዲስ መረጃ ሲገኝ የአንድ ነገር ዕድል ምን ያህል እንደሚለወጥ የሚያሰላ የሂሳብ ሕግ ነው። የተሰየመው በእንግሊዛዊው ቄስ በቶማስ ቤይስ ሲሆን፣ ጽሑፉ የታተመው ከሞተ በኋላ በ1763 እ.ኤ.አ. ነው።

P(A|B) = P(B|A) × P(A) / P(B)

P(A|B) ማለት B መሆኑ ከታወቀ A የመሆኑ ዕድል ነው። በዳታ ሳይንስ የሥራ ቃለ መጠይቅ ላይ ብዙዎችን የሚያሳስተው P(A|B)ን ከ P(B|A) ጋር ማምታታት ነው። የተለመደው ጥያቄ ስለ ብርቅ በሽታ ምርመራ ነው።

በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች 0.9 በመቶው ኤችአይቪ በደማቸው ነበረ። ይህንኑ መጠን ይዘን በቦንጋ 10,000 ሰዎች ያለምንም ምልክት ተመረመሩ እንበል። ቫይረሱ ያለባቸው 90 ይሆናሉ። ኪቱ ከታመሙትም ከጤነኞቹም 99 በመቶውን በትክክል ይለያል ብንል (ቁጥሩ ለስሌት የተመረጠ ነው)፣ ከ90ዎቹ 89ኙ ፖዘቲቭ ይሆናሉ። ከ9,910 ጤነኞችም 99ኙ በስህተት ፖዘቲቭ ይባላሉ። ስለዚህ ከ188 ፖዘቲቮች በእርግጥ ቫይረሱ ያለባቸው 89 ብቻ፣ ማለትም 47 በመቶ ገደማ ናቸው። «99 በመቶ» ብሎ የሚመልስ ተወዳዳሪ የጤነኞቹን ብዛት ረስቷል።

በኢትዮጵያ አንድ ሰው ቫይረሱ አለበት የሚባለው በአንድ ኪት ብቻ አይደለም፤ ሌላ ዓይነት ኪት ይከተላል። 188ቱ እንደገና ቢመረመሩ ከ89ኙ 88ቱ፣ ከ99ኙ ደግሞ 1 ሰው ፖዘቲቭ ይሆናሉ፤ ዕድሉም ወደ 99 በመቶ ይወጣል። ይህ የሚሠራው ግን የሁለቱ ኪቶች ስህተት ካልተያያዘ ነው። አንድ ዓይነት ኪት ቢደገም፣ መጀመሪያ ያሳሳተው ነገር በዚያው ሰው ደም ውስጥ ስላለ ሁለተኛም ሊያሳስት ይችላል።

የመነሻው ዕድልም እንደ ተመርማሪው ይለያያል። የበሽታው ምልክት ታይቶበት ለሚመጣ ሰው 0.9 በመቶን መነሻ ማድረግ ስህተት ነው።