ተከራይ የሰቀለው፣ ተከራይ የቀባው፦ የቤት ማሻሻያ ባለቤትነት በወላይታ ሶዶ

የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በ2015 ዓ.ም. ሲመሠረት ወላይታ ሶዶ የክልሉ መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ሆነች። ከዚያ በፊትም በ1999 ዓ.ም. የተከፈተው ዩኒቨርሲቲ መምህራንንና ሠራተኞችን ወደ ከተማዋ ሲስብ ቆይቷል። ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው ቤት ሊሠራ አይመጣም፤ ይከራያል። የተከራየው ቤት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዳገኘው ሊኖርበት የሚችል አይደለም፤ ግድግዳው ጠቁሯል፣ ሶኬቱ አንድ ነው፣ ውሃ በወረፋ ስለሚመጣ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተከራዩ አከራዩን «ቀለም ላስቀባ? ቦይለር ላስገጥም?» ብሎ ይጠይቃል። አከራዩም አብዛኛውን ጊዜ «ምን ከፋኝ፣ አድርግ» ይላል። ክርክሩ የሚነሳው በገባበት ቀን ሳይሆን በሚወጣበት ቀን ነው፤ ያን ቀን ግን ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ያንኑ አንድ ቃል ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ፈቃድና የንብረት ዕጣ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸው ነው። አከራዩ ለመጀመሪያው ሲመልስ ሁለተኛውን አልመለሰም። በወላይታ ዞን ብዙ ቤቶች የተሠሩበት የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ ደግሞ ይህን ክፍተት ከብሎኬት ቤት ይልቅ ያሰፋዋል።

ሕጉን እንመልከት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1131 ጀምሮ አንድ ነገር የሌላው አካል የሚሆነው መቼ እንደሆነ ይዘረዝራል። በአንቀጽ 1132 መሠረት በልማድ የነገሩ ክፍል ተደርጎ የሚታይ፣ ወይም ዋናውን ነገር ሳያፈርሱ ወይም ሳያበላሹ ሊነጥሉት የማይቻል ሆኖ የተጣበቀ ነገር የዚያው አካል ነው። አንቀጽ 1134 አንድ እርምጃ ይሄዳል፦ የሌላ ሰው ዕቃ በዚህ መንገድ ከቤቱ ጋር ከተዋሐደ ባለዕቃው በዕቃው ላይ የነበረው መብት ይቀራል፤ የሚተርፈው የገንዘብ ጥያቄ ነው። ብዙ ተከራዮች «ደረሰኙ በእኔ ስም ነው» ሲሉ የሚያምኑት ደረሰኙ ለዘለዓለም ባለቤት እንደሚያደርጋቸው ነው። ደረሰኝ የሚያረጋግጠው ማን እንደገዛ ብቻ ነው። ዕቃው ዛሬም ራሱን ችሎ የቆመ ዕቃ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግድግዳው ነው። በሌላ በኩል አከራዮች «ቤቴ ላይ የተሰቀለ የቤቴ ነው» ሲሉ ከሕጉ አልፈው ይሄዳሉ። አንድ ዕቃ ሳይጣበቅ የቤቱ ተከታይ የሚሆነው፣ በአንቀጽ 1136 አነጋገር፣ ለቤቱ አገልግሎት በቋሚነት ሲመደብ ነው። የሁለት ዓመት ውል ይዞ የገባ ሰው መጋረጃ መስቀያውን ወይም ከደጅ ያቆመውን የውሃ ሮቶ ለቤቱ በቋሚነት መደበ ማለት ይከብዳል።

መለኪያው እንግዲህ «ሳይበላሽ ይነጠላል ወይ?» የሚለው ነው፤ መልሱም በግድግዳው ዓይነት ይለያያል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ በፊሸርና በብሎን የተያዘ ቦይለር በአንድ ሰዓት ይወርዳል፤ የሚቀረው አራት ቀዳዳ ነው፣ በስቱኮ ይደፈናል። በባሕር ዛፍ ቋሚና በማገር ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ላዩ በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ግን ብሎን አይዝም። ሠላሳ ሊትር የሚይዝ ቦይለር ሲሞላ የውሃው ክብደት ብቻ ሠላሳ ኪሎ ነው፤ የብረቱ ለብቻው ነው። ስለዚህ ባለሙያው ልስኑን ከፍቶ ቋሚውን ይፈልጋል፣ በሁለት ቋሚዎች ላይ ጣውላ ይመታል፣ ከዚያ ቦይለሩን በጣውላው ላይ ይሰቅላል፣ ዳርዳሩን መልሶ ይለስናል። ዕቃው ሲወርድ ጣውላው አብሮ ከወጣ በጭቃው ላይ ላላ ብሎ የተቀመጠው ልስን በሰፌድ ስፋት ተገንጥሎ ይወድቃል። ተከራዩ አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ይህን ነው፦ በጭቃ ቤት ቦይለሩ የእሱ ሆኖ ሊቀር ይችላል፣ ጣውላው ግን የቤቱ ሆኗል። ኤሌክትሪኩም እንደዚያው ነው። ሁለት ሺህ ዋት የሚስብ ቦይለር በ220 ቮልት ዘጠኝ አምፔር ገደማ ይወስዳል፤ ከአምፖሉ መስመር መቀጠል አደጋ ስለሆነ ከቆጣሪው የራሱ ብሬከርና የራሱ ገመድ ይሳብለታል። ገመዱ በልስን ውስጥ ከተቀበረ በኋላ ማውጣት ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መሰንጠቅ ነው። አንድ ሥራ በሁለት ይከፈላል፤ ዕቃው ይሄዳል፣ መስመሩ ይቀራል።

ቀለም ላይ ክርክሩ ቀላል ይመስላል፤ ማንም ቀለም ፍቆ ይዞ አይሄድም። ስለዚህ ጥያቄው የባለቤትነት መሆኑ ያበቃና የገንዘብ ይሆናል። ሕጉ በአንቀጽ 2162 ያለ በቂ ምክንያት በሌላው ድካም ወይም ሀብት የበለጸገ ሰው ባገኘው ጥቅም ልክ እንዲክስ ያዛል። ይህ ጣሪያ ለቀለም ወሳኝ ነው። ተከራዩ ያወጣው አሥራ ሁለት ሺህ ብር ቢሆንም አከራዩ ያገኘው ጥቅም ተከራዩ በወጣበት ቀን ግድግዳው ያለበት ሁኔታ ብቻ ነው። በዳሞታ ተራራ ግርጌ ባለች፣ በልግም ክረምትም በሚዘንብባት ከተማ ደግሞ ግድግዳ ቶሎ ይለወጣል። ከመሠረቱ እርጥበት የሚስብ የጭቃ ግድግዳ በዘይት ቀለም ሲቀባ እርጥበቱ መውጫ ያጣል፣ ቀለሙ ከታች አካባቢ ያብጣል፣ ቆይቶም ከልስኑ ጋር ይላጣል። በጣት ሲያንኳኩት ባዶ ድምፅ የሚያሰማ ልስን የዚህ ምልክት ነው። እንዲህ ያለው ቅብ ጥቅም መሆኑ ቀርቶ ጉዳት ስለሆነ ተከራዩ የሚጠይቀው አይኖርም፤ እንዲያውም ተጠያቂ ሊሆን ይችላል። ውሃ ቅልቅል የፕላስቲክ ቀለም ወይም ኖራ ግን ከዘይት ቀለም ይልቅ ግድግዳውን ስለሚያስተነፍስ አርጅቶም የሚተርፍ ዋጋ ይኖረዋል። አከራይ ፈቃድ ሲሰጥ «ምን ዓይነት ቀለም?» ብሎ መጠየቅ ያለበት ስለ ውበቱ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ፈቃዱ ምን መያዝ አለበት? በፍትሐ ብሔር ሕጉ የኪራይ ውል እንደ ቤት ሽያጭ በአንቀጽ 1723 የጽሑፍና የምዝገባ ግዴታ ውስጥ አልተካተተም፤ ስለዚህ የቃል ፈቃድን በምስክር ማስረዳት ሲያስኬድ ኖሯል። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ቀይሯል። አዋጁ በሚፈጸምባቸው ከተሞች ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1722 ደግሞ በተለየ ፎርም የተደረገ ውል የሚሻሻለው በዚያው ፎርም ነው። ሁለቱን ስናጣምር፣ ስለ ማሻሻያው የተባለ ነገር ውሉን የሚለውጥ ከሆነ በሰፈር ምስክር መታመን አስተማማኝ አይደለም። አዋጁ በቀጥታ ሥራ ላይ ያልዋለበት ከተማም ቢሆን በጽሑፍ የማስፈርን ልማድ ቢያስቀድም አይጎዳም።

በግምት ቁጥሮች አንድ ጉዳይ እንሥራ። አንድ ተከራይ ለሃያ አራት ወር ተዋውሎ በገባ በመጀመሪያው ወር አሥራ ሁለት ሺህ ብር ለፕላስቲክ ቀለምና ለቀቢ፣ ስድስት ሺህ ለኤሌክትሪክ መስመርና ለጣውላ፣ አሥራ አምስት ሺህ ለቦይለር አወጣ እንበል። በአሥራ አምስተኛው ወር አከራዩ ቤቱን ለልጁ ፈልጎት በስምምነት ተለያዩ። ቦይለሩ ይነጠላል፣ ተከራዩ ይዞት ይሄዳል፤ ቀዳዳውን የመድፈን ወጪ የእሱ ነው። ቀለሙ ለውሉ ዘመን ያገለግላል ተብሎ በሃያ አራት ወር ቢከፋፈል የቀረው ዘጠኝ ወር ነው፤ ይህ አራት ሺህ አምስት መቶ ብር ነው። መስመሩ ረጅም ዕድሜ ስላለው በውሉ ዘመን መወሰኑ ፍትሐዊ አይደለም፤ በአምስት ዓመት ቢሰላ ከስልሳ ወር አርባ አምስቱ ይቀራል፣ ይኸውም አራት ሺህ አምስት መቶ ነው። ድምሩ ዘጠኝ ሺህ ይሆናል። ይህ ስሌት የሕግ ትእዛዝ አይደለም፤ ሕጉ ያስቀመጠውን የጥቅም ጣሪያ ለመገመት የሚረዳ መንገድ ነው። ቁጥሩ ውሉ ላይ ከገባ ግን ሙግቱ ስለ ሒሳብ ይሆናል፣ ስለ ትዝታ አይሆንም።

አከራዮች የሚያነሱት ተቃውሞ ቀላል የሚባል አይደለም፦ «እኔ ቦይለር መስመር አልፈለግሁም፤ ላልጠየቅሁት ዕቃ ለምን እከፍላለሁ?» በእርግጥም በማይፈልገው ሰው ላይ ሥራ ሠርቶ ሒሳብ ማቅረብ ካሳ መጠየቅ ሳይሆን ዕቃ በግድ መሸጥ ነው። ተከራዩ ቤቱን አንድ ቀን እንደሚመልስ እያወቀ ገንዘቡን ማፍሰሱም በራሱ ላይ ይመሰክራል። ይህ ክርክር ፈቃድ በሌለበት ቦታ ያሸንፋል ብዬ አምናለሁ። ፈቃድ ከተሰጠ ግን ይዳከማል፣ ሙሉ በሙሉ ግን አይጠፋም፤ ምክንያቱም «አድርግ» ማለት «እከፍላለሁ» ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ሁለቱን ጥያቄዎች መነጠል የሚያስፈልገው። ፍትሐዊው መንገድ አከራዩ ሲፈቅድ ከሦስት አንዱን እንዲመርጥ ማድረግ ነው፦ ይነሣና ግድግዳው ይመለስ፣ ያለ ክፍያ ይቅር፣ ወይም በተስማማነው ቀሪ ዋጋ ይቅር። ዝም ያለ አከራይ ግን የመጨረሻው ቀን ላይ የሚጠቅመውን መምረጥ አይገባውም።

ሌላው ተቃውሞ ከባህል ይመጣል። አከራይና ተከራይ በአንድ ግቢ፣ በአንድ የቡና ሥርዓት በሚኖሩበት ቦታ ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሶኬት ወረቀት መጻፍ አለመተማመንን ያስነሳል፤ ጠብ ቢመጣም የአገር ሽማግሌ አለ። ሽማግሌዎች ብዙ ነገር እንደሚፈቱ አያከራክርም። ሽማግሌ ግን የሚያስታርቀው የተባለውን ሰምቶ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች «አድርግ» የሚለውን ቃል በተለያየ መንገድ ካስታወሱት ሽማግሌው ኪሳራውን ለሁለት ከመክፈል ያለፈ ነገር በእጁ የለም። ከወረቀቱ ጋር የሥራው ፎቶግራፍና የዕቃው ደረሰኝ ቢያያዝ ለሽማግሌውም ሥራ ያቀልለታል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን የግል አከራይና ተከራይ ግንኙነት ተቋርጦ እንደነበርም ልብ ይሏል። ዛሬ «የቆየ ልማድ» የሚባለው በዚህ ጉዳይ ላይ እንደሚታሰበው ሥር የሰደደ አይደለም።

ተከራዮች አከራዩ አልከፍልም ሲል የሚወስዱት እርምጃ የመጨረሻውን ወር ኪራይ መያዝ ነው። ሕጉ ዕዳን በዕዳ ማቻቻልን ከአንቀጽ 1831 ጀምሮ ይፈቅዳል፤ ግን ሁለቱም ዕዳዎች መጠናቸው የታወቀና መክፈያቸው የደረሰ ሊሆኑ ይገባል። ኪራዩ መጠኑ የታወቀ ነው። የቀለሙ ቀሪ ዋጋ ግን በውል ካልተቆረጠ ገና ክርክር ነው፤ ስለዚህ ኪራዩን ያስቀረ ተከራይ በፍርድ ቤት ዓይን ካሳ ጠያቂ ሳይሆን ኪራይ ያልከፈለ ሰው ሆኖ ይገኛል። ያው ድክመት ቤቱ መሐል ላይ ሲሸጥ ይበረታል። አዲሱ ባለቤት ስለ ቦይለሩ ጣውላና ስለ ቀለሙ የገባው ቃል የለም፤ የቀድሞው አከራይ በአንደበቱ ያለውን እሱ እንዲፈጽም ማስገደድም አይቻልም። ተከራዩ ሊይዘው የሚችለው የቀድሞውን አከራይ ነው፤ እሱም የቤቱን ዋጋ ተቀብሎ፣ ማሻሻያውን ከዋጋው ጋር ሸጦ ሄዷል። ስለዚህ ስለ ማሻሻያው የተጻፈው ገጽ በሁለቱ ፊርማ ተፈርሞ ከውሉ ጋር መያያዝ አለበት፤ ቤቱን የሚገዛ ሰውም ከመፈራረሙ በፊት ተከራዩን ይህን ገጽ ሊጠይቀው ይገባል።