ጣውላዎችን በጠርዝ አጣብቆ ሰፊና ለጥ ያለ ገበታ ስለ መሥራት

ለጠረጴዛ ገጽ፣ ለመደርደሪያና ለአልጋ ራስጌ የሚፈለገው ስፋት በአንድ ጣውላ ብቻ እምብዛም አይገኝም። በመሆኑም ጠባብ ጣውላዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ጠርዛቸውን በኮላ በማጣበቅ ሰፊ ገበታ ማዘጋጀት የእንጨት ሥራ መሠረታዊ ተግባር ነው። በዚህ ሥራ ዘወትር የሚያጋጥመው ችግር ገበታው ከማጥበቂያ ሲወጣ ጎብጦ መገኘቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የመጉበጡን ምክንያቶችና መከላከያቸውን በአንድ ምሳሌ ያብራራል።

ምሳሌው ከዋንዛ የሚሠራ የጠረጴዛ ገጽ ነው። ተሠርቶ ሲያልቅ 150 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይኖረዋል። ለሥራው እያንዳንዳቸው 13.5 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 155 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላቸው ስድስት ጣውላዎች ተዘጋጅተዋል። ትርፉ በመጨረሻ ተቆርጦ የሚስተካከል ነው።

የችንካርና የብስኩት ድርሻ

ዳወል የተባለው ክብ የእንጨት ችንካርም ሆነ ብስኩት የተባለው ስስና ሞላላ የታመቀ እንጨት ዋና አገልግሎቱ ማጥበቅ ሳይሆን ማስተካከል ነው። የእንጨቱ ቃጫ በርዝመቱ ጎን ለጎን ሆኖ በኮላ ሲጣበቅ መጋጠሚያው ከእንጨቱ የማይተናነስ ጥንካሬ ይኖረዋል። ችንካሩና ብስኩቱ የሚጠቅሙት ኮላ የተቀባው ጣውላ በማጥበቂያ ሲጫን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች እንዳይንሸራተት በመያዝ ነው። ጠርዙ ተስተካክሎ ያልተላገን ጣውላ በችንካር ብዛት ማቃናት አይቻልም።

የመጉበጥ ዋና ምንጭ

የጣውላው ጠርዝ ከገጹ ጋር ትክክለኛ ቀጥተኛ ማዕዘን ካልሠራ ሁለቱ ጣውላዎች የሚገጥሙት በመጠኑ ተጋድመው ነው። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ላይ የግማሽ ዲግሪ ስሕተት ቢኖር በ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ የሚታየው ክፍተት ከሩብ ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው፤ በዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ስሕተቱ በአምስቱም መጋጠሚያዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ሲደመር ግን የምሳሌው ገበታ መካከሉ ላይ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይጎብጣል። ይህን ለማቃናት ማጥበቂያውን አብዝቶ ማዞር ኮላውን ጨምቆ ያስወጣል እንጂ ስሕተቱን አያስወግድም።

መፍትሔው አጎራባች ጠርዞችን በጥንድ መላግ ነው። በቅድሚያ ስድስቱ ጣውላዎች እንደሚገጣጠሙት ተደርድረው በላይኛው ገጻቸው ላይ ተራ ቁጥር ይጻፍባቸዋል። ከዚያም ጣውላ 1 እና 2 እንደ መጽሐፍ ታጥፈው፣ ላይኛው ገጽ ከላይኛው ገጽ ጋር ተገናኝቶ፣ በሞርሳ አብረው ይታሰራሉ፤ የሚገጣጠሙት ሁለት ጠርዞችም በአንድ መላጊያ በአንድነት ይላጋሉ። መላጊያው በመጠኑ ቢያዘነብል እንኳ አንዱ ጠርዝ የሚያጎድለውን ሌላው ስለሚሞላው ጣውላዎቹ ሲዘረጉ ለጥ ብለው ይገጥማሉ። ሌሎቹም ጥንዶች በዚሁ አኳኋን ይሠራሉ።

ቀዳዳና ስንጥቅ ማዘጋጀት

ለ25 ሚሊ ሜትር ውፍረት 8 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ችንካር ተስማሚ ነው። ቀዳዳው በእያንዳንዱ ጠርዝ 22 ሚሊ ሜትር እንዲጠልቅ በፑንታው ላይ ምልክት ይደረጋል፤ ትርፉ 4 ሚሊ ሜትር ለኮላ ማረፊያ ነው። የመጀመሪያው ችንካር ከጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ገባ ብሎ፣ ሌሎቹ በየ22.5 ሴንቲ ሜትር ሲቀመጡ በአንድ መጋጠሚያ ሰባት ችንካሮች ይውላሉ። ችንካሩ ጎኑ ላይ ቦይ ያለው ሊሆን ይገባል። ልሙጥ ከሆነ በቀዳዳው ውስጥ የታፈነው ኮላ መውጫ አጥቶ ጣውላውን ሊሰነጥቅ ይችላል።

በብስኩት ለሚሠራ ትልቁ የተለመደ መጠን ቁጥር 20 ነው። ስንጥቁ ከብስኩቱ ርዝመት ጥቂት ስለሚበልጥ ጣውላውን በርዝመቱ ለማስተካከል ዕድል ይሰጣል። በሁለቱም ዘዴዎች ልኬቱ ሁልጊዜ ቁጥር ከተጻፈበት ገጽ መነሣት አለበት። አንዱ ከላይ ሌላው ከታች ከተለካ መጋጠሚያው ደረጃ ይፈጥራል።

ማጥበቅ

ኮላ ከመቀባቱ በፊት ገበታው በደረቁ ተገጣጥሞ ይፈተሻል። በቀላል ጭነት የማይዘጋ ክፍተት ከታየ ጠርዙ እንደገና መላግ ይኖርበታል። ነጩ የእንጨት ኮላ ለመድረቅ የሚሰጠው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ በቅድሚያ ሦስት ሦስት ጣውላዎችን አጣብቆ በመጨረሻ ሁለቱን ግማሾች ማገናኘት ይመረጣል።

ረጅሙ ማጥበቂያ ሲጠብቅ ዘንጉ በመጠኑ ይለመጣል፤ ጉንጮቹም ከዘንጉ ራቅ ባለው በኩል ስለሚከፈቱ ግፊቱ ወደ ዘንጉ በሚቀርበው የጠርዝ ክፍል ላይ ያርፋል። ስለዚህ ማጥበቂያዎቹ ሁሉ ከሥር ከሆኑ የገበታው መካከል ከዘንጎቹ ተነሥቶ ወደ ላይ ይጎብጣል። ማጥበቂያዎችን አንዱን ከሥር አንዱን ከላይ እያፈራረቁ ማስቀመጥ ግፊቱን ያመዛዝናል። በምሳሌው ስድስት ማጥበቂያዎች፣ የዳሮቹ ከጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ገባ ብለው፣ በየ29 ሴንቲ ሜትር ይደረደራሉ። የጉንጮቹም መካከል ከጣውላው ውፍረት መካከል ጋር መገጣጠም አለበት።

ከዚህ በተጨማሪ በገበታው ሁለት ጫፎች ላይ ቀጥ ያሉ ጠንካራ እንጨቶች በወርዱ በኩል ከላይና ከታች ተደርገው በአነስተኛ ማጥበቂያ ይታሰራሉ። ከገበታው ጋር እንዳይጣበቁ በፕላስቲክ ይሸፈናሉ። ጭነቱ በቂ መሆኑ የሚታወቀው በመጋጠሚያው ርዝመት ሁሉ ስስና እኩል የኮላ መስመር ሲወጣ ነው። በአንድ ቦታ ጨርሶ አለመውጣቱ ኮላ ማነሱን ወይም ግፊቱ አለመድረሱን ያመለክታል። ወዲያውም ቀጥ ያለ መስመሪያ በወርዱ ላይ ተጋድሞ ይፈተሻል። መካከሉ ወደ ላይ ከተነሣ የሥረኞቹን ጥቂት አላልቶ የላይኞቹን ማጥበቅ፣ ከጎደጎደም ተቃራኒውን ማድረግ ያቃናዋል።

ከማጥበቂያ ከወጣ በኋላ

ለጥ ብሎ የወጣ ገበታ ኋላ ሲጎብጥ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ እርጥበት ነው። አንድ ገጹ በጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ሌላው ብቻ አየር ካገኘ ሁለቱ ገጾች እኩል አይደርቁም። ስለሆነም ገበታው በጠርዙ ቆሞ ወይም በሥሩ ጭራሮ እንጨቶች ተደርድረውለት ይቀመጣል። ጣውላዎቹም ከመላጋቸው በፊት በአንድ ቦታ ለሳምንታት ቆይተው ተመሳሳይ እርጥበት ላይ መድረስ ይኖርባቸዋል።

ብስኩት የኮላውን ውሃ ጠጥቶ ስለሚያብጥ በላዩ ያለው እንጨት ለጊዜው ከፍ ይላል። በዚህ ሁኔታ ገበታው በብርጭቆ ወረቀት ከተስተካከለ ሲደርቅ በየብስኩቱ ላይ ሞላላ ጉድጓድ ይታያል። ስለዚህ የመጨረሻው ማለስለስ ለጥቂት ቀናት ሊዘገይ ይገባል። ቀለሙ ወይም ቫርኒሹም በላይኛው ገጽ ብቻ ሳይሆን በታችኛውም እኩል መቀባት አለበት።

ነጩ ኮላ ለውሃ የማይበገር ባለመሆኑ በዚህ መንገድ የተሠራ ገበታ ለቤት ውስጥ አገልግሎት ብቻ ይውላል።