የሊቲየም ባትሪ ኃይል እያለው በድንገት የሚያቋርጠው ለምንድን ነው?

በፀሐይ ኃይል በሚጠቀም ቤት ውስጥ መብራትና ቴሌቪዥን እየሠሩ ሳለ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይጠፋል። የባትሪው አመልካች ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ገና ኃይል እንዳለ ያሳይ ነበር። ብዙ ተጠቃሚዎች በዚህ ጊዜ ባትሪው ተበላሽቷል ብለው ይደመድማሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ኃይሉን ያቋረጠው በባትሪው ውስጥ የሚገኘው የባትሪ መቆጣጠሪያ ሥርዓት ሲሆን፣ ይህም በባለሙያዎች ዘንድ ቢኤምኤስ በመባል ይታወቃል።

የቢኤምኤስ ሥራ

ለቤት ፀሐይ ኃይል የሚያገለግል ባለ 12 ቮልት የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ፣ እያንዳንዳቸው 3.2 ቮልት ገደማ ያላቸው አራት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘው የተሠራ ነው። ቢኤምኤስ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ፣ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ መጠንና ሙቀቱን በተናጠል የሚከታተል የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነው። በአብዛኛው አንድ ሴል ወደ 2.5 ቮልት ሲወርድ ኃይል መስጠትን፣ ወደ 3.65 ቮልት ሲወጣ ደግሞ ኃይል መሙላትን ያቆማል። ከእነዚህ ወሰኖች ማለፍ ሴሉን ለዘለቄታው ይጎዳዋል፤ ከልክ በላይ መሙላት ደግሞ ለከፍተኛ ሙቀትና ለእሳት ሊዳርግ ይችላል።

የደከመው ሴል

ቢኤምኤስ የሚወስነው በባትሪው ጠቅላላ ቮልቴጅ ብቻ ሳይሆን በደካማው ሴል ነው። ለምሳሌ ምሽት ላይ ሦስቱ ሴሎች እያንዳንዳቸው 3.1 ቮልት ላይ ሳሉ አራተኛው 2.5 ቢደርስ፣ ድምሩ 11.8 ቮልት ይሆናል። በአሲድ ባትሪ ልክ የተስተካከለ ኢንቨርተር በአብዛኛው 10.5 ቮልት አካባቢ እስኪደርስ ስለሚጠብቅ፣ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ቢኤምኤሱ ይቀድመዋል። ለተጠቃሚው መቋረጡ ያለ ምክንያት የሆነ የሚመስለውም በዚህ የተነሳ ነው።

ሴሎቹ እንዲህ የሚራራቁት ባትሪው ለረጅም ጊዜ ሳይሞላ ሲቆይ ነው። ቢኤምኤስ ሴሎቹን የሚያስተካክለው ባትሪው ሊሞላ ሲቃረብ፣ ቀድመው ከሞሉት ላይ ጥቂት ጥቂት ኃይል በማፍሰስ ነው። ይህ ፍሰት እጅግ አነስተኛ ነው። በ50 ሚሊአምፔር የሚያስተካክል ቢኤምኤስ የ2 አምፔር ሰዓት ልዩነትን ለማጥበብ 40 ሰዓት ያስፈልገዋል። ስለዚህ ክረምቱን በደመና ምክንያት በግማሽ እየተሞላ የከረመ ባትሪ በመስከረም ቶሎ ቶሎ ቢያቋርጥ አያስገርምም። መፍትሔው አጠቃቀምን ቀንሶ ለተከታታይ ቀናት ሙሉ በሙሉ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

የሞተር አነሳስ

አንድ አትክልት አምራች በ100 አምፔር ሰዓት ባትሪና በኢንቨርተር አማካኝነት የግማሽ ፈረስ ጉልበት የውሃ ፓምፕ ያስነሳል እንበል። ፓምፑ ሲሠራ ከባትሪው 50 አምፔር ያህል ይወስዳል፤ በሚነሳበት ቅጽበት ግን አምስት እጥፍ፣ ማለትም 250 አምፔር ሊስብ ይችላል። የባትሪው ቢኤምኤስ የሚፈቅደው 100 አምፔር ከሆነ፣ ባትሪው ሙሉ ቢሆንም ያቋርጣል። እዚህ ላይ ኃይል መሙላት አይረዳም፤ የሚያስፈልገው ሞተሩን ቀስ አድርጎ የሚያስነሳ መሣሪያ ወይም የበለጠ አምፔር የሚፈቅድ ባትሪ ነው።

ምክንያቱን መለየት

ምክንያቱን ለመለየት የመቋረጡን ሰዓት ማስተዋል ይጠቅማል። ሞተር ሲነሳ ከሆነ የአምፔር ብዛት፣ ከሰዓታት አገልግሎት በኋላ ከሆነ የሴል መድከም ነው። በቀትር ኃይል መሙላቱ ቢቆም አንዱ ሴል ቀድሞ ሞልቷል ማለት ነው። በውርጭ ወራት ማለዳ ላይ መሙላት እምቢ ካለ ደግሞ፣ ሴሎቹ ከዜሮ ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲሆኑ ብዙ ቢኤምኤሶች መሙላትን ስለሚከለክሉ፣ ፀሐይ እስኪሞቅ መጠበቅ በቂ ነው።

ከተቋረጠ በኋላ በባትሪው ጫፎች ላይ በቴስተር ሲለካ ዜሮ ወይም ጥቂት ቮልት ሊታይ ይችላል። ይህ በሩ መዘጋቱን እንጂ ሴሎቹ መሞታቸውን አያሳይም። በመጀመሪያ ዕቃዎቹን ሁሉ ማላቀቅ፣ ቀጥሎም ለሊቲየም በተሠራ ቻርጀር መሙላት ተገቢ ነው። የኢንቨርተሩን የማቋረጫ ወሰን ወደ 12 ቮልት ከፍ ማድረግም ቢኤምኤሱ ሳይደርስ ኢንቨርተሩ ቀድሞ እንዲያቆም ይረዳል።

አንዳንዶች ግን መቋረጡ ስላሰለቻቸው ሽቦ አዙረው ቢኤምኤሱን ያልፉታል። መብራቱ ይመለሳል፤ የደከመው ሴል ግን ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው አይኖርም። ባትሪው በተደጋጋሚ ሙሉ እየሆነ በደቂቃዎች ውስጥ የሚያቋርጥ ከሆነ፣ የእያንዳንዱን ሴል ቮልቴጅ በባለሙያ ማስለካት ይገባል።