የቁጥር ዳግም ምደባ፦ የሱዳኑ ሲም ለሌላ ሰው ሲደርስ

የቴሌኮም ሰዎች «ነምበር ሪሳይክሊንግ» የሚሉትን በአማርኛ «የቁጥር ዳግም ምደባ» ልንለው እንችላለን። ሲም ለረጅም ጊዜ ካርድ ካልተሞላበትና ካልተደወለበት ይዘጋል። ድርጅቱ ግን ቁጥሩን አይጥለውም፤ ጥቂት ጊዜ አቆይቶ ለሌላ ደንበኛ ይሰጠዋል።

ነገሩ ለመተማና ለገለጉ ሰው ቅርብ ነው። ሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ሲነሳ ካርቱም ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በጋላባት በኩል ወደ መተማ ተሻግረዋል። የብዙዎቹ ዋትሳፕ፣ ቴሌግራምና ፌስቡክ የተከፈተው በ+249 በሚጀምር ቁጥር ነው።

አደጋው «የይለፍ ቃል ረሳሁ» ከሚለው ላይ ይነሳል፤ መግቢያ ኮዱ የሚላከው ቁጥሩን ለያዘው ሰው ነውና። በ2021 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለአዲስ ደንበኛ የቀረቡ 259 ቁጥሮችን ሲፈትሹ 171ዱ ከቀድሞ ባለቤቶች አካውንት ጋር ተያይዘው አገኙ።

ከካርቱም ተመልሳ ገለጉ ሱቅ የከፈተች ሴት አለች እንበል። የሱዳኑ ሲም መሥራት አቁሟል፤ ዋትሳፑ ግን አሁንም ይከፈታል። ጊዜ አላት ማለት ነው። በአዲሱ የ+251 ሲም ኮድ መቀበል ከቻለች፣ ዋትሳፕ ውስጥ Settings፣ Account፣ ከዚያ Change number ብላ አሮጌውንና አዲሱን ቁጥር ትጽፋለች። ኮዱ የሚመጣው በአዲሱ ቁጥር ስለሆነ የሞተው ሲም አያስፈልጋትም። ቴሌግራምም ቁጥር የሚቀየረው እንዲሁ ነው። ይህን ሳትጨርስ ከመተግበሪያው ከወጣች ወይም ስልክ ከቀየረች ግን፣ ተመልሳ ስትገባ ኮዱ ወደ ሱዳኑ ቁጥር ሊላክ ይችላል።

ቀጥሎ ጂሜይልና ፌስቡክ ውስጥ ገብታ የሱዳኑን ቁጥር አጥፍታ አዲሱን ትተካለች። የማትፈልገውን አካውንት ደግሞ ከራሱ ከመተግበሪያው ውስጥ ትሰርዛለች፤ መተግበሪያውን ከስልኩ ላይ ማጥፋት ብቻ አካውንቱን አይዘጋውም።

የረሳችው እንዳለ ለማወቅ የድሮ የጽሑፍ መልእክቶቿን ትመልከት። መልእክቶቹ ካልጠፉ፣ ኮድ የላኩላትን ድርጅቶች እዚያ ታገኛለች። የሱዳን ባንክ ሒሳብ ካላት ቁጥሩን የምታስቀይረው ባንኩ ዘንድ ነው።

ቁጥሩ ለሌላ ሰው መድረሱ በወዳጅ ስልክ ላይ ይታያል፦ በስሟ በተመዘገበው ቁጥር የማያውቁት ሰው ፎቶ ይወጣል፤ ወይም ቴሌግራም እሷን እንደ አዲስ ገቢ ያሳውቃል። ዋትሳፕ 45 ቀን ያልተሠራበት አካውንት ቁጥር በሌላ ስልክ ሲመዘገብ የድሮውን ፎቶና የግል መረጃ ያጠፋል። የፌስቡኳንና የጂሜይሏን ቁጥር ግን ሌላ ያነሳልኛል ሳትል ራሷ ታንሳው። ወዳጆቿም ካልተነገራቸው ለእሷ ያሉትን መልእክት ለማያውቁት ሰው መላካቸውን ይቀጥላሉ፤ ስለዚህ ቁጥር መቀየሯን በድምፅ ደውላ ትንገራቸው፣ አሮጌውንም እንዲሰርዙ ትጠይቃቸው።