የኔትወርክ መሣሪያን ከፎቶግራፍ መለየት

የኔትወርክ መሣሪያን ከፎቶግራፍ መለየት ማለት በምስሉ ላይ የሚታየው ሳጥን ሞደም፣ ራውተር፣ ስዊች ወይም አክሰስ ፖይንት መሆኑን በፖርቶቹ፣ ማለትም በገመድ መሰኪያዎቹ፣ እና በአንቴናዎቹ ማወቅ ነው። በተለምዶ እነዚህ መሣሪያዎች በጅምላ «ዋይፋይ» ወይም «ሞደም» ስለሚባሉ፣ ያገለገለ ዕቃ በፎቶ አይቶ የሚገዛ ሰው ከቤቱ መስመር ጋር የማይሠራ ሊገዛ ይችላል። መጀመሪያ ዓይን የሚስበው አንቴናው ቢሆንም፣ ዋናው መለያ ከኋላ በኩል ያሉት ፖርቶች ናቸው።

## ሞደምን የሚለየው ፖርት

ሞደም ከቴሌኮም ድርጅቱ የሚመጣውን መስመር ተቀብሎ ወደ ኤተርኔት የሚቀይር መሣሪያ ነው። ስለዚህ መስመሩ ራሱ የሚገባበት ልዩ ፖርት ሊኖረው ይገባል። በስልክ ሽቦ ለሚመጣ ኢንተርኔት ይህ ፖርት አርጄ-11 የሚባለው ጠባብ መሰኪያ ሲሆን፣ አጠገቡ ብዙውን ጊዜ DSL፣ ADSL ወይም LINE ተብሎ ይጻፋል። የኤተርኔት ፖርት የሆነው አርጄ-45 ግን ሰፋ ያለ ነው፤ ምስሉ ሲጎላ በውስጡ 8 ቀጫጭን የብረት መስመሮች ይታያሉ።

በፋይበር ለሚመጣ ኢንተርኔት መሰኪያው ብረት የሌለው አራት ማዕዘን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ነው፤ PON ተብሎም ሊጻፍበት ይችላል። ይህ ሳጥን ኦኤንቲ ይባላል፤ በፋይበር መስመር ላይ የሞደምን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ጠባብ መሰኪያ ሁሉ ግን የኢንተርኔት መግቢያ አይደለም። TEL ወይም PHONE የተባለው ለስልክ ቀፎ የሚሆን መውጫ ነው። LINE፣ MODEM እና PHONE የሚሉ ሦስት ጠባብ መሰኪያዎች ብቻ ያሉት ትንሽ ሳጥንም ሞደም ሳይሆን የስልኩንና የኢንተርኔቱን ምልክት የሚለይ ስፕሊተር ነው።

## ራውተር፣ ስዊች እና አክሰስ ፖይንት

የቤት ራውተር አንድ ከሌሎቹ የተለየ ፖርት አለው። ይህ ፖርት WAN ወይም INTERNET ይባላል፤ በቀለም ወይም በክፍተት ተነጥሎ ይቀመጣል። የቀሩት፣ ብዙውን ጊዜ 4፣ LAN ተብለው ተራ ቁጥር ይሰጣቸዋል።

በስዊች ላይ ፖርቶቹ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። ቁጥራቸው 5፣ 8፣ 16፣ 24 ወይም 48 ሊሆን ይችላል፤ አንቴና የለውም።

አክሰስ ፖይንት ባብዛኛው 1 ወይም 2 የኤተርኔት ፖርት ብቻ አለው። በጣሪያ ላይ የሚሰቀለው ዓይነት ጠፍጣፋ ሲሆን፣ ኤሌክትሪክም በዚያው የኔትወርክ ገመድ ስለሚደርሰው ፖርቱ አጠገብ PoE የሚል ጽሑፍ ሊታይ ይችላል።

## የአንቴና ምስክርነት

የሚታይ አንቴና የሚያረጋግጠው መሣሪያው በሬዲዮ ሞገድ እንደሚሠራ ብቻ ነው፤ ራውተርም፣ አክሰስ ፖይንትም፣ ዋይፋይ ያለው ሞደምም ሊኖራቸው ይችላል። አንቴና አለመታየቱም ዋይፋይ የለም ማለት አይደለም፤ በብዙ መሣሪያዎች ውስጥ አንቴናው ከሳጥኑ ውስጥ ተደብቋል።

## ምሳሌ

አንድ ሻጭ «ሞደም» ብሎ የለጠፈው ፎቶ 3 አንቴና ያለው ጥቁር ሳጥን ያሳያል እንበል። ከኋላው ከግራ ወደ ቀኝ የኤሌክትሪክ መሰኪያ፣ አንድ ሰማያዊ ፖርትና አራት ቢጫ ፖርቶች አሉ። ሰማያዊው ከቢጫዎቹ ጋር እኩል ስፋት አለው፤ በውስጡም 8 የብረት መስመሮች ይቆጠራሉ። ስለዚህ እሱ የኤተርኔት WAN ፖርት ነው፤ ዕቃውም ራውተር እንጂ የስልክ መስመር ሞደም አይደለም። ሰማያዊው ጠባብና DSL የሚል ቢሆን ኖሮ ሞደምና ራውተርን ያጣመረ ሳጥን ይሆን ነበር።

ገዢው ቤቱ በስልክ ሽቦ ኢንተርኔት የሚያገኝ ከሆነ ይህ ራውተር ብቻውን አይሠራለትም። የሚያሳስተው ነገር የስልኩ ገመድ ጫፍ ጠባብ ስለሆነ በሰፊው ፖርት ውስጥ መግባቱ ነው፤ ይገባል፣ ግንኙነት ግን አይፈጠርም፤ ዳርና ዳር ያሉትንም የብረት መስመሮች ሊያጣምም ይችላል። ሞደም ካለው ግን የሞደሙን የኤተርኔት ገመድ ሰማያዊው ላይ ሰክቶ ሊጠቀምበት ይችላል።

## ፎቶ የማይናገረው

የፖርት ቀለም በሁሉም አምራቾች ዘንድ አንድ አይደለም፤ ከቀለሙ ይልቅ ጽሑፉና ስፋቱ ይታመናል። ባለ 5 ፖርት አንቴና የሌለው ሳጥንም ሁልጊዜ ስዊች አይደለም፤ ዋይፋይ የሌላቸው ራውተሮችም አሉ። በተጨማሪም ራውተር በቅንብሩ ተለውጦ እንደ አክሰስ ፖይንት ሊሠራ ስለሚችል፣ ፎቶው መሣሪያው ምን እንደሆነ እንጂ አሁን በምን አኳኋን እንደተቀናበረ አያሳይም። በጥርጣሬ ጊዜ የሚበጀው ከሥሩ የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር የሚያሳይ ሁለተኛ ፎቶ መጠየቅ ነው።