አሉታዊ ስፋት

አሉታዊ ስፋት ማለት ከአንድ ቅርጽ ላይ ተቆርጦ የወጣን ክፍል በመቀነስ ምልክት መቁጠር ነው። ስፋት ከዜሮ አያንስም የሚል አንባቢ ልክ ነው፤ ይህ የሒሳብ ብልሃት ብቻ ነው።

ከላላ ውስጥ ያለ ብረት ሠሪ 60 በ40 ሳንቲሜትር በሆነ ላሜራ ላይ ራዲየሱ 10 ሳንቲሜትር የሆነ የምድጃ አፍ ቆረጠ እንበል። የቀዳዳው መሐል ከግራ ጠርዝ 45፣ ከታች 20 ሳንቲሜትር ይርቃል። ሙሉው ላሜራ 2400 ካሬ ሳንቲሜትር ነው፤ መሐሉም ከግራ 30 ላይ ነው። ቀዳዳው −314 ይያዛል። የቀሪውን ላሜራ የስፋት ማዕከል ለማግኘት እያንዳንዱን ስፋት መሐሉ ከግራ ጠርዝ በሚርቅበት ርቀት አባዝተን ስንደምር 72000 − 14130 = 57870 ይመጣል። ይህን ለቀሪው ስፋት፣ ለ2086፣ ስናካፍል 27.7 እናገኛለን። የስፋት ማዕከሉ ከቀዳዳው ሸሽቶ ወደ ግራ 2.3 ሳንቲሜትር ያህል ሄደ ማለት ነው፤ ከፍታው ግን 20 እንደሆነ ቀረ።

ብዙ ተማሪ ቀዳዳውን ከአካፋዩ ቀንሶ ከተካፋዩ መቀነሱን ይረሳል። ያኔ 34.5 ይወጣል፤ ማዕከሉ ወደ ባዶው ቦታ ቀረበ ማለት ነውና ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። የላሜራው ውፍረት እኩል ከሆነ ደግሞ ከሁለት ማዕዘኖቹ በየተራ አንጠልጥላችሁ የቱምቢውን ክር ተከትላችሁ አስምሩ፤ መስመሮቹ የሚገናኙት 27.7 ላይ ነው።